«በጊዜ ቅደም ተከተል» የሚለውን የኦዲሴ ማጠቃለያ እንዳትገዙ

ሥነ ጽሑፍ የምትማሩ፣ ወይም የሚማር ልጅ ያላችሁ፣ ይህችን አንብቧት። ባለፈው ሳምንት ለታናሽ እህቴ ፈተና ብዬ የጥንቱን ግሪካዊ ገጣሚ የሆሜርን የኦዲሴ ማጠቃለያ በ200 ብር ገዛሁ። 12 ገጽ ፎቶ ኮፒ ነው። ሽፋኑ ላይ «ታሪኩ በትክክለኛ የጊዜ ቅደም ተከተል» ይላል። ውሸት ነው።

የነቃችበት እህቴ ናት። ገጽ 3 ላይ የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ተቆጥቶ የባለታሪኩን የኦዲሲየስን የግንድ ታንኳ ይሰባብራል። ገጽ 6 ላይ ደግሞ ኦዲሲየስ የፖሲዶንን ልጅ፣ ባለ አንድ ዓይኑን ፖሊፌመስን ያሳውራል። «ቁጣው ከጥፋቱ ቀደመ እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። አምላኩ የተቆጣው ልጁ ስለታወረበት ነው።

አዘጋጁ ያደረገው የመጽሐፉን ክፍሎች በተጻፉበት ተራ መቅዳት ብቻ ነው። ኦዲሴ ግን የሚጀምረው ከመሃል ነው። ገና ሲከፈት የትሮይ ጦርነት ካበቃ ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ ኦዲሲየስም በሴት አምላኳ በካሊፕሶ ደሴት ታግቷል። ፖሊፌመስን የምናገኘው በምልሰት ነው፤ ከክፍል 9 እስከ 12 ኦዲሲየስ ራሱ ማዕድ ላይ ተቀምጦ ያለፈውን ለአስተናጋጆቹ ይተርካል።

ታዲያ እንዴት ይደረደራል? እኔና እህቴ እያንዳንዱን ድርጊት በቁራጭ ወረቀት ጻፍን፣ ከዚያ መርከቦቹን ቆጠርን። ከትሮይ ሲነሳ 12 ነበሩ። ፖሊፌመስ ጋ ሲደርስ ሁሉም አሉ። ሰው በላዎቹ ላይስትሪጎናውያን 11ዱን አወደሙ። ጠንቋይዋ ሰርሴ ጋ አንድ ዓመት ሲቆይ የቀረችው አንድ ናት። እሷም ስትሰበር በስባሪዋ ተንሳፍፎ ካሊፕሶ ጋ ደረሰ፣ 7 ዓመት ተቀመጠ። ከዚያ የወጣው ራሱ በሠራው የግንድ ታንኳ ነው። ፖሲዶን የሰበረው ይሄንን ነው። ከዚያ በኋላ ነው አስተናጋጆቹ ጋ ደርሶ የተረከው፣ ቀጥሎም አገሩ ኢታካ የገባው። የመርከቡ ቁጥር ስለማይጨምር ወረቀቶቹ ቦታቸውን ራሳቸው ያዙ።

አንድ ወረቀት ግን አስቸገረን። ክፍል 19 ላይ አሮጊቷ ሞግዚት እግሩን ስታጥብ ጠባሳውን አይታ ታውቀዋለች። ጠባሳው በወጣትነቱ የዱር አሳማ የወጋው ነው። ስለዚህ አንዱን ወረቀት ለሁለት ቀደድነው። አሳማው ከጦርነቱም በፊት፣ ከሁሉም አናት ላይ ገባ። እጥበቱ መጨረሻው አካባቢ ቀረ። በገዛሁት ማጠቃለያ ሁለቱ አንድ ላይ ተጨፍልቀዋል።

የፖሊፌመስን ነገር ስትጽፉም «ኦዲሲየስ እንደተረከው» በሉ። ፖሊፌመስ ዋሻ ውስጥ የሆነውን የምንሰማው ከኦዲሲየስ አፍ ነው፤ ይህች ቃል ከወጣች ተራኪው ማን እንደነበር ይጠፋል።

ሻጩን ገንዘቤን መልስልኝ ብለው «የተከፈተ አይመለስም» አለኝ። እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት ገልጣችሁ እዩ። ፖሊፌመስ ከካሊፕሶ ኋላ ከመጣ፣ አትግዙ።