መዳብና ጋልቫናይዝድ በአንድ የሙቅ ውሃ መስመር፦ ከዓመት በላይ ተጠቅሜ ያየሁት

የመታጠቢያ ቤቴ ቧንቧ ጸባዩን እስኪቀይር ድረስ ትዝም ብሎኝ አያውቅም። አሁን ሴራሚክ አስፈርሼ መስመሩን አስቀይሬያለሁ፤ ንዴቱም ገና አልበረደም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግድግዳው ውስጥ የነበረው የድሮ ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ነው። ቦይለር ሲቀየር ሠራተኛው ከቦይለሩ የሚወጣውን መስመር በአዲስ መዳብ ሠራና ወደ ሻወር ከሚሄደው ጋልቫናይዝድ ጋር ቀጥታ አገናኘው። «ብረት ብረት ነው፣ ምንም አይሆንም» አለ። ዕቃውን የሸጠውም እንዲሁ ነው ያለው። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ከወራት በኋላ ጠዋት ሙቅ ውሃ ስከፍት ቀይ መውጣት ጀመረ። ትንሽ ከፈሰሰ በኋላ ይጠራል። ቀዝቃዛው ግን ቧንቧው እኩል ያረጀ ሆኖ ሳለ ጥርት ያለ ነው። እየቆየ የሻወሩ ግፊት ደከመ፤ ግድግዳው ላይም እርጥበት ታየ።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ቦይለሩ ነበር። እሱን ለመለየት ከራሱ ከቦይለሩ ማፍሰሻ በብርጭቆ ውሃ ቀዳሁ። ንጹህ ነው። ዝገቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው ማለት ነው።

ግድግዳው ሲከፈት ሁሉም ነገር ታየ። መዳቡና ጋልቫናይዝዱ የተጋጠሙበት ቦታ በነጭ ዱቄትና በቀይ ዝገት ተሸፍኗል። የጋልቫናይዝዱ ጥርስ ተበልቶ በእጅ ሲነካ ይፈረፈራል። ቧንቧውን ስናስቆርጠው ውስጡ በዝገት ጉብታ ተሞልቶ ውሃው የሚያልፍበት ቀዳዳ እርሳስ የማያሳልፍ ሆኗል። ከመጋጠሚያው እየራቅን ስንሄድ ጉዳቱ እየቀነሰ መጣ፤ ግን ጨርሶ አልጠፋም። የተቆረጠው መዳብ ደግሞ ውስጡ ስስ ቡናማ ሽፋን ብቻ ነው ያለው፤ ውፍረቱ ምንም አልተነካም።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ጋልቫናይዝድ ማለት ብረቱ በዚንክ ተሸፍኖ ዚንኩ በብረቱ ፋንታ እንዲበላ የተደረገ ቧንቧ ነው። መዳብ ሲነካውና መሃል ውሃ ሲኖር ሁለቱ እንደ ባትሪ ይሠራሉ። የሚበላው ዚንኩ ነው፤ እሱ ሲያልቅ ተራው የብረቱ ይሆናል። ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል።

አሁን ሻጩ «ታዲያ መሃሉ ላይ የብራስ ኒፕል ቢገባ ኖሮ አይሻልም?» ይለኝ ይሆናል። መጋጠሚያው ላይ ይረዳል። ከዚያ በኋላ ያለውን መስመር ግን አያድንም። በመዳብ ውስጥ ያለፈ ውሃ በጣም ጥቂት መዳብ ይዞ ይሄዳል። ያ መዳብ ከፊቱ ባለው ዚንክ ላይ እየተለጠፈ በየቦታው ትንንሽ ባትሪዎች ይፈጥራል፤ ብረቱም በነጥብ በነጥብ ይቦረቦራል። ከመጋጠሚያው ርቀን ያገኘነውም ይሄንኑ ነው። ስለዚህ ወሳኙ ቅደም ተከተሉ ነው። ውሃው መጀመሪያ በጋልቫናይዝድ ከዚያ በመዳብ ቢያልፍ፣ መጋጠሚያው ላይ ሁለቱ ቀጥታ እንዳይነካኩ እስከተደረገ ድረስ ችግሩ በጣም ያንሳል። የእኔ ግን ተገልብጦ ነው የተሠራው።

መዳብ ላይ ቂም የለኝም። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ሙሉ መስመሩን በእሱ የማላሠራው ከጋልቫናይዝድም ከፕላስቲክም ውድ ስለሆነ ብቻ ነው። ጋልቫናይዝድን ግን ለመታጠቢያ ቤት ዳግም አልገዛም። ከመዳብ ቢረክስም ጥርስ ማውጣቱና መግጠሙ ጉልበት ይበላል። ደግሞ ከቧንቧው ዋጋ ይልቅ ያቃጠለኝ የሴራሚኩና የፍርስራሹ ወጪ ነው።

ወደ ሻወር የሚሄደውን በሙሉ በፒፒአር ፕላስቲክ አስቀየርኩት። አይዝግም፤ ቱቦውም ርካሽ ነው። የሚያሳስበው ሙቀትና ብየዳው ነው። ፒፒአር ሲሞቅ ይረዝማል፦ 3 ሜትር የሚሆን ቱቦ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 18 ሚሊሜትር ይለጠጣል። መዳብ በዚያው ልክ 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ ጥርቅም ተደርጎ መታሰር የለበትም።

ብየዳው በ260 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚሠራው። ለ20 ሚሊሜትር ቱቦ ማሞቂያው ላይ 5 ሴኮንድ ያህል ይበቃል። ከዚያ በላይ ከቆየ ወይም በኃይል ከተገፋ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ቀለበት ሠርቶ ቀዳዳውን ያጠብባል፤ ከውጭ ግን ያማረ ነው የሚመስለው። አዲሱ ሠራተኛ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ መጋጠሚያ በይዶ ለሁለት እንዲሰነጥቀው አደረግሁ። ውስጡ ልስልስ ያለ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው ግድግዳውን እንዲነካ የፈቀድኩለት።

ከቦይለሩ የሚወጣው የመጀመሪያው ቁራጭ አሁንም መዳብ ነው። ፕላስቲክ በጣም የጋለ ውሃ ሲበዛበት ዕድሜው ያጥራልና እዚያ ላይ መዳቡ ይሻላል። ከመዳብ ወደ ፕላስቲክ ሲሆን ደግሞ የሚበላ ዚንክ የለም። መጋጠሚያውን አሁን በሴራሚክ አልሸፈንኩትም፤ ትንሽ መክፈቻ ትቼለታለሁ።