በጀሪካን የሚሸጠውን «ኢታኖል የገባበት» ቤንዚን ከመግዛታችሁ በፊት

ድሬዳዋ ላይ በጀሪካን እየተሸጠ «ኢታኖል ስላለበት ጭስ ይቀንሳል፣ ሞተርም ያጸዳል» የሚባልለትን ቤንዚን ለጄነሬተርም ሆነ ለውሃ ፓምፕ ለመግዛት ያሰባችሁ ወገኖች፣ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ አደራ እላለሁ።

ሻጮቹ ስለ ጭሱ የሚናገሩት ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ኢታኖል በውስጡ ኦክስጅን ስላለው፣ በተለይ ካርቡሬተር ባላቸው አሮጌ ሞተሮች ላይ መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይቀንሳል፤ በአንጻሩ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥለውን አሴታልዴሃይድ ይጨምራል። የማይነግሯችሁ ግን የአቀማመጡን ነገር ነው።

ኢታኖል ውሃን ይስባል። 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን በሊትር 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ አሟሙቶ መያዝ ይችላል፤ ይህም በ20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል ነው። ውሃው ከዚህ ሲያልፍ ኢታኖሉ ቤንዚኑን ትቶ ከውሃው ጋር ወደ ታች ይዘቅጣል። ብዙ ሰው ውሃው ከአየር የሚገባ ይመስለዋል፤ በደንብ በተከደነ ዕቃ ውስጥ ግን ይህ እጅግ አዝጋሚ በመሆኑ፣ ይበልጥ የሚያሰጋው ታጥቦ ሳይደርቅ የተሞላ ጀሪካን ነው። በዚያ ላይ ነዳጁ ሲቀዘቅዝ ውሃ የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ድሬዳዋ በቀትር ሙቀት ጥርት ብሎ የታየው ቤንዚን ሐረር ወጥቶ ሲያድር ሊለያይ ይችላል።

ሐረር የሚኖር አንድ ዘመዴ የደረሰበት ይኸው ነው። ሲገዛው ንጹሕ የነበረው ቤንዚን በማግሥቱ ጠዋት ደፍርሶ፣ ከሥሩ ሌላ ፈሳሽ ተኝቶበት ተገኘ። ሻጩን ስልክ ደውሎ ሲጠይቀው «ነቅንቀህ ተጠቀምበት» ተባለ። የጫት ማሳውን የሚያጠጣበት ፓምፕ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው፤ ዘይቱ ደግሞ ከላይኛው ቤንዚን ጋር ስለሚቀር፣ ሞተሩ መጀመሪያ ከሥር የሚስበው ዘይት የሌለውን የውሃና የኢታኖል ድብልቅ ነበር። ፓምፑ ጥቂት ሠርቶ ነከሰ፤ ጋራዥ ሲፈታም ፒስተኑ ተቧጥጦ ተገኘ። ዘይት ለብቻው ያለው ሞተር ከዚህ ቢተርፍም፣ ኢታኖሉን ያጣው የላይኛው ቤንዚን ኦክቴኑ ስለሚወርድ ሞተሩን ሊያንኳኳው ይችላል፤ የታችኛውም የካርቡሬተሩን ብረት ይበላል።

ከመግዛታችሁ በፊት ከእሳት ርቃችሁ፣ ወጥ ስፋት ባለው ቀጭን ብርጭቆ ውስጥ አንድ እጅ ውሃ አድርጉና ደረጃውን ምልክት አድርጉበት፤ ከዚያ ዘጠኝ እጅ ቤንዚን ጨምራችሁ በደንብ አማስሉና እስኪረጋ ጠብቁ። የውሃው ከፍታ ካልተለወጠ ኢታኖል የለበትም፤ ወደ እጥፍ ከተጠጋ 10 በመቶ ገደማ አለበት ማለት ነው። አንዴ የተለያየውን ነዳጅ ግን መነቅነቅም ሆነ ጥቂት አዲስ ቤንዚን መጨመር አያድነውም፤ ማጠራቀሚያውንና ካርቡሬተሩን ሙሉ በሙሉ አራግፎ፣ አድርቆ በአዲስ መሙላት ብቻ ነው የሚያዋጣው።