ጤነኛው ጥቁር ነጥብና አጠራጣሪው

የቆዳ ካንሰር ሊሆን የሚችለውን ነጥብ ከጤነኛው ለመለየት፣ ቆዳ ላይ ያሉ ሁለት ነጥቦችን ጎን ለጎን እንያቸው። አንዱ ክንድ ላይ ያለ፣ «ማርያም የሳመችው» የምንለው ነው። ሌላው ውስጥ እግር ላይ በቅርቡ የወጣ ነው።

የክንዱን መሃል ለመሃል ብንከፍለው ሁለቱ ግማሾች ይመሳሰላሉ። ጠርዙ ጥርት ያለ፣ ቀለሙም አንድ ዓይነት ቡናማ ነው። የእግሩ ግን አንድ ጎኑ ሰፍቶ ሌላው ጠቧል። ጠርዙ ወጣ ገባ ነው፤ ቡናማ፣ ጥቁርና ግራጫ ተደባልቀውበታል። ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ስፋት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ትንሽ ሆኖም አደገኛ የሚሆን አለ።

እኔ ከሁሉም በላይ የማየው ለውጡን ነው። የክንዱ ለዓመታት እንዳለ ነው። የእግሩ በወራት ውስጥ አድጓል፣ ያሳክካል፣ አንዳንዴም ይደማል። ይህን ሐኪም ሳያየው መቆየት የለበትም።

ጥቁር ቆዳ ባለን ሰዎች ላይ ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ውስጥ እግር፣ መዳፍ ወይም ጥፍር ሥር ነው። ቦብ ማርሌይ በ1977 እ.ኤ.አ. የተገኘበት የእግር ጣቱ ጥፍር ሥር ነበር፤ መጀመሪያ የኳስ ጉዳት መስሎ ነበር። በምት የመጣ ጥቁረት ጥፍሩ ሲያድግ አብሮ ወደ ፊት ይሄዳል። እዚያው ከቆየ ወይም ከሰፋ የቆዳ ሐኪም ናሙና ወስዶ ይመርምረው።