ስታር ዋርስን ከየት እንጀምር? በወጣበት ዓመት ወይስ በታሪኩ ቅደም ተከተል

የስታር ዋርስን ፊልሞች የያዘ ሳጥን የገዛ ወይም ዲዝኒ ፕላስ ላይ የተመዘገበ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው «ክፍል 1» የሚለው ላይ ነው። መሳሳትም የሚጀምረው እዚያው ነው። ክፍል 1 የወጣው በ1999 ነው፤ በ1977 የወጣው የመጀመሪያው ፊልም ደግሞ ቁጥሩ 4 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

በወጡበት ዓመት ካያችሁ መጀመሪያ 4፣ 5 እና 6ን፣ ቀጥሎ 1፣ 2 እና 3ን፣ መጨረሻ ላይ ከ2015 ጀምሮ የወጡትን 7፣ 8 እና 9ን ታያላችሁ። በታሪኩ ከሄዳችሁ ከ1 እስከ 9 ቀጥ ብላችሁ ትወርዳላችሁ። ሁለቱን የሚለያቸው ዋናው ነገር ክፍል 5 ነው።

ክፍል 5 ወደ ማብቂያው ሲቃረብ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚወጣ ምሥጢር አለው፤ ምን እንደሆነ እዚህ አንነግራችሁም። አዘጋጆቹ እንዳይሾልክባቸው ፈርተው ቀረጻው ላይ ተዋናዩን ሌላ ነገር አስብለውት ነበር፤ እውነተኛው ቃል የገባው ኋላ፣ ድምፅ ሲቀዳ ነው። ክፍል 3 ግን ይህንኑ ጉዳይ ከመነሻው እስከ መድረሻው ያሳያል። ስለዚህ ከ1 የጀመረ ሰው 5 ላይ ሲደርስ የሚደነግጠው የፊልሙ ጀግና ብቻ ነው፤ ተመልካቹ ራሱ ቁጭ ብሎ «መቼ ይነግሩት ይሆን?» እያለ ይጠብቃል። እዚያው ክፍል 5 ውስጥ ጀግናው አንድ የማያውቀውን ፍጡር ያገኛል፤ ትዕይንቱ የሚያስቀው ተመልካቹም ማንነቱን ሳያውቅ ሲቀር ነው። ከክፍል 1 የመጣ ሰው ገና ሲያየው ያውቀዋል፣ ቀልዱም ይሞታል።

በታሪኩ ቅደም ተከተል ማየት ዋጋ የሚኖረው ለሁለተኛ ጊዜ ለሚያይ ሰው፣ ወይም ምሥጢሩን ከቀልድና ከቲሸርት ላይ አስቀድሞ ለሰማ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ብዙ ነው። ለልጆች ብላችሁ ከ1 ለመጀመር ካሰባችሁ ግን ክፍል 3ን አስቀድማችሁ ለብቻችሁ እዩት። ክፍል 1 ላይ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስላለ ቀለል ያለ ይመስላል፤ 3 ግን ከ1 እስከ 6 ካሉት ሁሉ በጣም የከበደውና የጨለመው ነው።

በወጡበት ዓመት ማየትም እንከን አያጣውም። ዛሬ በዲስክም በኢንተርኔትም የሚገኙት ሦስቱ የድሮ ፊልሞች በ1997 እና በ2004 የተነካኩ ቅጂዎች ናቸው። ክፍል 6 የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይ አንድ የማታውቁት ወጣት ፊት ይመጣል፤ በ2004 የገባ ነው፣ ማን እንደሆነ የሚገባችሁም ክፍል 2 ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ነው። ግራ ቢገባችሁም ኢንተርኔት ላይ አትፈልጉት፤ መልሱ ራሱ ስፖይለር ነው።

ሦስተኛ መንገድም አለ፦ 4፣ 5፣ ከዚያ 1፣ 2፣ 3፣ መጨረሻ 6። የ5ን ምሥጢር እንደሰማችሁ ወደ ኋላ ሄዳችሁ እንዴት እንደሆነ ታያላችሁ፣ ከዚያ መቋጫውን። ሮድ ሂልተን የተባለ ጸሐፊ በ2011 ያቀረበው ዝነኛው ስሪት ክፍል 1ን ጭራሽ ይዘለዋል። ክፍተቱ አንድ ነው፦ ክፍል 6 የራሱ የሆነ ትንሽ ምሥጢር አለው፣ ክፍል 3 ደግሞ መጨረሻው ላይ ያወጣዋል። በእኛ ሚዛን ለአዲስ ተመልካች 4፣ 5፣ 6 ይቀድማሉ፤ ሦስቱም ተደምረው ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆኑ ሁለት ምሽት ይበቃቸዋል። ሦስተኛው መንገድ ለሁለተኛው ዙር ይቆይ።

ከቁጥር ውጭ ከሆኑት ውስጥ በ2016 የወጣው ሮግ ዋን ታሪኩ የሚያልቀው ክፍል 4 ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ቢሆንም ከ6 በኋላ ይታይ። ክሎን ዋርስ የተባለውን የአኒሜሽን ተከታታይ ደግሞ በታሪኩ በ2 እና በ3 መካከል ስለሚገባ ብቻ እዚያ አትሰኩት፤ ሰባት ሲዝን ነው፣ 3 ላይ ሳትደርሱ ያደክማችኋል።

ቅደም ተከተሉን መርጣችሁም ስፖይለር በጎን ሊገባ ይችላል። ክፍል 4 ሲያልቅ ቀጣዩን በራሱ የሚያስጀምረውን ማስተካከያ ከፕሮፋይላችሁ ላይ አጥፉ። የፊልሞቹን ማጠቃለያና የተዋንያን ዝርዝር አታንብቡ፤ የ1 እና የ3 ተዋንያን ስም ከነገጸ ባሕርያቸው ብቻውን ብዙ ያወጣል። በፍላሽ የምታዩ ከሆነ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ፋይሎቹን የሚደረድረው በስም ነው፤ «Episode I» ብሎ የሚጀምረው ከላይ ይመጣል። ስማቸውን ቀይራችሁ አስቀምጡ፦

```
01-1977.mp4
02-1980.mp4
03-1983.mp4
04-1999.mp4
```