ማስጠንቀቂያ፦ ኤቲኤም ሳይከፍል ብር ሲቆርጥባችሁ «እየተጣራ ነው» ተብላችሁ ዝም ብላችሁ አትመለሱ

ስታዲየም፣ ሜክሲኮ ወይም ፒያሳ ላይ በሌላ ባንክ ኤቲኤም ብር ልታወጡ ሞክራችሁ ማሽኑ ሳይከፍል ከሒሳባችሁ ከተቆረጠ፣ ቅርንጫፉ መጀመሪያ የሚላችሁ «እየተጣራ ነው፣ በሳምንት ተመለሱ» ነው። ይህን ቃል ይዛችሁ አትሂዱ። በቃል የቀረበ አቤቱታ የትም መዝገብ ላይ የለም፤ በኋላ ብሔራዊ ባንክ ስትሄዱ ባንኩን መጠየቃችሁን የምታስረዱበት ነገር አይኖራችሁም። የማሽኑ ካሜራ ቀረጻም ለዘላለም አይቀመጥም፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይቀረጻል።

አቤቱታው የሚቀርበው ካርዱን ለሰጣችሁ ባንክ ነው፣ ለማሽኑ ባለቤት አይደለም። ሁለቱ ባንኮች «ወደዚያ ሂዱ፣ ወደዚህ ኑ» እያሉ ሰው የሚያመላልሱት እዚህ ላይ ነው። የሌላውን ባንክ መረጃ መጠየቅ የእናንተ ባንክ ሥራ ነው፣ ግንኙነቱ ያለው በመካከላቸው ነውና።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 8፡20 ላይ 4,000 ብር ተቆረጠ እንበል። ደረሰኙ ላይ የሚታተመው ግን 21/11/2024፣ ሰዓቱም 14:20 ነው። ብዙ አቤቱታ የሚበላሸው በዚህ ነው። ማመልከቻው ላይ «12/3/2017» ብቻ ከጻፋችሁ፣ ሲስተሙ ላይ የሚፈልገው ሠራተኛ ከዓመታት በፊት ያለፈ ማርች ውስጥ ይገባና «እንዲህ ያለ ግብይት የለም» የሚል መልስ ይመጣል። ሁለቱንም አቆጣጠር፣ ሁለቱንም ሰዓት ጻፉ። የማሽኑን መለያ ቁጥርና የግብይቱን ማጣቀሻ ቁጥር ከደረሰኙ እንዳለ ገልብጡ። ደረሰኙ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ ይደበዝዛል፤ በዚያው ቀን ፎቶ ኮፒ አድርጉት፣ ዋናውንም ለማንም አትስጡ። የካርዱን ሙሉ ቁጥርና የሚስጥር ቁጥሩን ግን በምንም ዓይነት ወረቀት ላይ አታስፍሩ።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን ባንኩ ያስቀር፤ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ የመዝገብ ቤቱ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ይስፈርበት። ቅርንጫፉ «ማኅተም አያስፈልግም» ካለ ዋናው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሄዳችሁ አስገቡ። ይህ ቅጂ ከሌለ የሚቀጥለው ሁሉ ይደክማል።

ባንኩ ቢመልስም ብዙ ጊዜ «ግብይቱ የተሳካ ነው» ይላል። ይህ መልስ ግማሽ ነው። ሲስተሙ «ተሳክቷል» የሚለው ክፍያው ሲፈቀድ ነው፤ ብሩ ከማሽኑ አፍ መውጣቱን የሚያሳየው የማሽኑ የራሱ መዝገብና የጥሬ ገንዘብ ቆጠራው ነው። ማሽኑ ብሩን አቅርቦ መልሶ ከሳበው ወይም ውስጥ ከተጣበቀ፣ ሲቆጠር ትርፍ ይገኛል። ስለዚህ ማመልከቻችሁ «ብሬ ይመለስልኝ» ብሎ አይብቃው። የዚያ ቀን የማሽኑ መዝገብና የቆጠራ ውጤት ታይቶ መልሱ በጽሑፍ ይሰጠኝ በሉ። እንዲህ የተጻፈ ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር አይዘጋም።

አንድ ልብ በሉት፦ «ጉዳዬ ተፈጽሟል» የሚል ወረቀት እንድትፈርሙ፣ ብሩም ነገ እንደሚገባ ከነገሯችሁ፣ ብሩ ሒሳባችሁ ላይ ሳይታይ አትፈርሙ። ከፈረማችሁ በኋላ ተቆጣጣሪው ፊት የሚነበበው ያ ወረቀት ነው።

መልስ ካልመጣ ወይም ያለ ምክንያት ከተከለከላችሁ፣ ከብሔራዊ ቴአትር ብዙም ወደማይርቀው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት አዲስ ስቴትመንት አስወጡ፤ ብሩ በራሱ ተመልሶ ከሆነ አቤቱታው ባዶ ይሆናል። ለፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ ሥራ ክፍል ብላችሁ አንድ ገጽ ጻፉ፦ መቼ፣ ስንት ብር፣ ለባንኩ መቼና በስንት የገቢ ቁጥር አመለከታችሁ፣ ምን መለሰ፣ ምን ትፈልጋላችሁ። የባንኩ ማኅተም ያለበትን ቅጂ፣ ስቴትመንቱን፣ የደረሰኙን ኮፒና የመታወቂያችሁን ኮፒ አያይዙ። ቅርንጫፉ ውስጥ ስለተደረገው ክርክርና ስለ ሠራተኛው ጠባይ ረጅም ትረካ አትጨምሩ፤ ዋናውን ጥያቄ ይሸፍነዋል።

ብሔራዊ ባንክ ከራሱ ካዝና አይከፍላችሁም። የሚያደርገው ባንኩ እንዲያስረዳ መጠየቅና በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ መመሪያ መሠረት አሠራሩን መመርመር ነው። ካርዱ ተሰርቆ ወይም ሰው አታሎ ብር ወስዶባችሁ ከሆነ ካርዱን ወዲያው አዘግታችሁ ፖሊስ ጋ ማመልከት ይቀድማል። በዚያ ጉዳይ የምታገኙትን የፖሊስ ማስረጃም ለባንኩ በምታስገቡት ማመልከቻ ላይ አያይዙት፣ በማኅተም ተቀበሉት።