ቴሌግራም ሲዘጋ፦ ፕሮክሲ ወይስ ቪፒኤን?

ሰሞኑን "ቪፒኤን ልግዛ ወይስ በፕሮክሲ ልቀጥል?" የሚለኝ ጓደኛ በዛ። ለቴሌግራም ጽሑፍና ፎቶ ከሆነ ፕሮክሲ ይበቃችኋል፣ ብር አታውጡ።

እኔ አውጥቼ አይቼዋለሁ። የካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ሲገደቡ "የዕድሜ ልክ ቪፒኤን" ከሚል ሻጭ በ600 ብር አካውንት ገዛሁ። የሠራው ሦስት ሳምንት ነው። ለካ ያንኑ አካውንት ለስንቱ ሸጦታል፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፣ በመጨረሻ የይለፍ ቃሉ ተቀየረና ሻጩም ስልክ ማንሳት አቆመ።

ፕሮክሲው ግን ነፃ ነው። ሰው የላከላችሁን ሊንክ ተጭናችሁ ማገናኘት ብቻ ነው (በአንድሮይድ በኋላ የምታገኙት Settings፣ Data and Storage፣ Proxy Settings ውስጥ ነው)። በእሱ በኩል የሚያልፈው ቴሌግራም ብቻ ስለሆነ ሌላው መተግበሪያ አይነካም። ቪፒኤን ሲሆን የስልኩ ኢንተርኔት በሙሉ በሌላ አገር ዞሮ ይመጣል። የባንክ መተግበሪያዬ አልከፍትም ሲለኝ ገንዘብ ለመላክ በየጊዜው ማጥፋት ነበረብኝ።

"ፕሮክሲው መልዕክቴን ያነበዋል?" ለሚሉኝ፣ አያነብም። መልዕክቱ ከስልካችሁ እስከ ቴሌግራም ሰርቨር ተመስጥሮ ነው የሚሄደው። የፕሮክሲው ባለቤት የሚያየው የአይፒ አድራሻችሁንና ቴሌግራም መጠቀማችሁን ነው። ብዙዎቹ የሚያተርፉት የራሳቸውን ቻናል ከቻት ዝርዝራችሁ አናት ላይ በመስቀል ነው፤ Proxy Sponsor የሚል ታያላችሁ። ያ ቻናል ገንዘብ እናባዛለን ካለ አትንኩት።

ነፃ ፕሮክሲ ቶሎ ይሞታል። አራት አምስት አስቀምጡና አንዱ Connecting እያለ ከቀረ ወደ ሌላው እለፉ።

ፕሮክሲ የሚሸነፈው በጥሪ ነው። ኤምቲፕሮቶ የሚባለው የተለመደው የቴሌግራም ፕሮክሲ ጥሪ አያሳልፍም፣ መልዕክት እየገባ ጥሪው ግን ሳይገናኝ ይቀራል። ውጭ አገር ያለ ቤተሰብ በየቀኑ የምታወሩ ከሆነ ቪፒኤን ያስፈልጋችኋል፤ ያኔም የአንድ ወር ብቻ፣ ከመተግበሪያ መደብር በራሳችሁ አካውንት ግዙ። በቻናል የሚዞር ኤፒኬ አትጫኑ። ቪፒኤን የስልኩን ትራፊክ ሁሉ ስለሚይዝ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ከሆነ ቁልፋችሁን ለማታውቁት ሰው እንደመስጠት ነው።

ስለ ብር አንድ ነገር ልጨምር። ለአንድ መተግበሪያ ብቻ የሚሸጥ ርካሽ ጥቅል ካላችሁ፣ በፕሮክሲም በቪፒኤንም ስትገቡ ኔትወርኩ ቴሌግራም መሆኑን ላይለየው ይችላል፤ ያኔ ሒሳቡ ከዋናው ዳታ ይቆረጣል። ገብታችሁ ጥቂት ፎቶ አውርዱና ቀሪውን አይታችሁ ቀጥሉ።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ሌላ ድረ ገጽ ክፈቱ። ሌላው እየከፈተ ቴሌግራም ብቻ እምቢ ካለ ፕሮክሲ ይረዳል። ምንም ካልከፈተ ግን ዳታው ራሱ ተቋርጧል፣ ያኔ የትኛውም ቪፒኤን አያስገባችሁም።