የ5 ደቂቃ የሚዜ ንግግሬን 2 ደቂቃ ላደረጉልኝ ቲቸር

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ በተለይ ሚዜ ተብላችሁ ማይክ የሚጠብቃችሁ ሰዎች፣ ይቺን አንብቡልኝ።

ባለፈው ጥር የአብሮ አደጌ አንደኛ ሚዜ ነበርኩ። ሙሽራው የደሴ ልጅ ነው፣ ሙሽሪት የኮምቦልቻ፣ ሰርጉም ኮምቦልቻ። ንግግር አዘጋጅ ስለተባልኩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስጽፍ ስሰርዝ ከረምኩ። ሰዓት ይዤ ሳነበው 5 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ መጣ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ሰርጉ አራት ቀን ሲቀረው የፕሮግራም መሪው ደወለና "ወንድሜ፣ ያለህ 2 ደቂቃ ነው፣ የደሴ ሰው ሳይመሽበት የሐረጎን ዳገት መውጣት አለበት" አለኝ። በቃ።

መጀመሪያ ራሴ ሞከርኩት። ከየዓረፍተ ነገሩ አንድ አንድ ቃል፣ ሁለት ሁለት ቃል እየነቀልኩ 3 ደቂቃ ተኩል አደረስኩትና ለእህቴ አነበብኩላት። ዋናው ታሪክ ላይ ስደርስ ቀና ብላ አየችኝና "እና?" አለች። ይቺ ልጅ ያንኑ ታሪክ ቡና ላይ ስነግራት ሲኒ ልትሰብር የነበረች ናት! ያኔ ነው አንድ ነገር እንዳበላሸሁ የገባኝ፣ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ቲቸር ጋ የላከችኝም እሷው ናት። ቲቸር ዕድሜ ልካቸውን አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። አሁን ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ኮፒ ቤት ውስጥ ጥግ ላይ ጠረጴዛ ይዘው ማመልከቻ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የሽማግሌ ውል ምናምን ይጽፋሉ፣ ያርማሉ።

ወረቀቴን ሰጠኋቸው። አላነበቡትም። ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና "በቃልህ ንገረኝ" አሉ። ወረቀቱ ላይ ሦስት ታሪኮች ነበሩ፣ የኳስ ሜዳው፣ የዩኒቨርሲቲ ዶርሙና የስልኩ። ሁለቱን ስጀምር ተደነቃቀፍኩ፣ የስልኩን ግን እጄን እያወናጨፍኩ እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። "እንግዲህ ያለህ ይሄ ነው፣ ሌላው የወረቀት ነው" አሉኝ። የዶርሙ ታሪክ እስካሁን ያሳዝነኛል፣ እሱን ሌላ ሰርግ ላይ እናገረዋለሁ።

ከዚያ ቆጠሩ። በእስክርቢቶ ጫፍ፣ አንድ በአንድ። 460 ቃል። "ይሄን በ5 ደቂቃ ካነበብከው በ2 ደቂቃ የምታነበው 180 ገደማ ነው። እኔ ግን 160 ነው የምሰጥህ፣ የቀረው የእልልታው ነው" አሉ። እኔ ሳቅና እልልታ ጊዜ ይበላል ብዬ አስቤም አላውቅ።

ቀጥሎ ያደረጉት ነው የገረመኝ። ታሪኩን ከመጨረሻው ጀመሩት። "ሰው የሚስቀው የትኛው ቃል ላይ ነው?" ብለው ጠየቁኝ፣ እሱን አሰመሩበት። ከዚያ ወደ ኋላ እየሄዱ "እዚህ ላይ እንዲስቅ ምን ማወቅ አለበት?" እያሉ ያንን ብቻ መልሰው ጻፉ። እኔ ለካ ቃል ስቆጥብ "ስልኩ ጠራ" የምትለዋን ቁራጭ ጥዬያት ኖሯል። አራት አምስት ቃል ብትሆን ነው። እህቴ "እና?" ያለችው ለዚህ ነው። በተቃራኒው ከታሪኩ በፊት "ሙሽራው ባለቤቱን ያገኘው ስልክ ሊያስጠግን ሄዶ ነው፣ በጣም የሚያስቅ ታሪክ ነው" የሚል መግቢያ ነበረኝ፣ እሱን በአንድ ጭረት ሰረዙት። "ፍጻሜውን በር ላይ ከሰጠኸው ማን ይገባል?" አሉ።

ሰርጉ ላይ የስልኩን ታሪክ የነገርኩት እንዲህ ነው፦

"ወንድማችን በየቅዳሜው ኮምቦልቻ ይወርዳል። 'ስልኬ አይጠራም፣ ላስጠግነው ነው' ይለናል። ደሴ ሞባይል የሚጠግን የጠፋ ይመስል! አራተኛው ቅዳሜ አብሬው ወረድኩ። አንዲት ልጅ ስልኩን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። ገና ሳትከፍተው ስልኩ ጠራ። እናቱ ናቸው። ልጅቷ ስልኩን አየች፣ እሱን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። 'ስልኩን ውሰደው፣ ደህና ነው። እሱን ግን ትተኸው ሂድ' አለችኝ። እኔም ትቼው ሄድኩ። ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ነው።"

አያችሁ፣ ሙሽሪት የሚለው ቃል የለበትም። ቲቸር ናቸው ያወጡት። ሰው ራሱ ዞሮ ያያታል አሉ፣ እውነትም 300 ሰው አንድ ላይ ዞሮ አያት።

የተረፈውን ሲቆርጡ ብዙ አልተከራከርንም። ለወላጆች፣ ለአጎቶች፣ ለኮሚቴው የነበረኝን ረጅም ምስጋና "ፕሮግራም መሪው ይለዋል" ብለው አወጡት። ስለ ትዳር የጻፍኩትን ምክርም አወጡ፣ እሱ የሽማግሌዎቹ ምርቃት ውስጥ አለ፣ ደግሞም አንተ ገና አላገባህም አሉኝ (ልክ ናቸው)። መጨረሻዬ ላይ "ጠጃችሁን አንሱልኝ" ብዬ ነበር። ቲቸር ቀና ብለው "ግማሹ እንግዳ ሙስሊም አይደል እንዴ?" አሉና "በእጃችሁ ያለውን አንሱልኝ" አደረጉት። ወሎ ተወልጄ ይሄ እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም።

ከዚያ በትልልቅ ፊደል በአንድ ገጽ አተሙልኝ። ትንፋሽ የምወስድበት ቦታ ሁሉ ላይ ሰረዝ አለ። የልጅቷን መልስ ግን ወረቀቱ ላይ አልጻፉትም፣ ቦታው ባዶ ነው። እያነበብክ ካልከው አይሠራም፣ ቀና ብለህ በቃልህ በለው አሉ። ከ"እዚያው ነው" በታች ደግሞ በእጃቸው "ዝም በል" ብለው ጻፉ። ቆሜ ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ ኮፒ ሊያደርግ የመጣ ሰው ሁሉ ሰማኝ፣ ሦስተኛው 1 ደቂቃ ከ40 ሆነ።

ሰርጉ ላይ ያ "ዝም በል" ነው ያዳነኝ። ሳቁ እንደጀመረ ልቀጥል አፌን ከፈትኩ፣ ወረቀቱን አየሁ፣ ዝም አልኩ። ከዚያ የሙሽሪት እናት እልል አሉ፣ ጠረጴዛው ሁሉ ተቀበላቸው፣ እኔ እንደ ሐውልት ቆሜያለሁ። ሲረጋ ነው "በእጃችሁ ያለውን" ያልኩት። ቪዲዮው ላይ ስናየው ጠቅላላው 2 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ነው።

አንድ ነገር ግን አልደብቅም። የሙሽራው አባት ስማቸው ባለመነሳቱ ትንሽ ቅር ብሏቸው ነበር። ቲቸር "ከመናገርህ በፊት ጠረጴዛቸው ጋ ሄደህ ጉልበት ስመህ አመስግናቸው" ብለውኝ ነበር፣ እኔ በግርግሩ ረሳሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ለዚህ ሁሉ የተቀበሉኝ 200 ብር ነው፣ የህትመቱን ጨምሮ። ከባዶ ንግግር አይጽፉም፣ የራሳችሁን ይዛችሁ መሄድ አለባችሁ። ሰርጉ ሊነጋ ሲል ለሚመጣም አይሠሩም፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ስጧቸው። ጠዋት ጠዋት የማመልከቻ ሰው ስለሚበዛባቸው ከሰዓት ብትሄዱ ይሻላል። ኮፒ ቤቱ ብዙ ስለሆነ እንዳትጠፉ፣ ፒያሳ ደርሳችሁ "ቲቸር የታሉ?" በሉ፣ ሊስትሮዎቹ ያሳዩዋችኋል።

ቲቸር፣ ስማርት ስልክ ስለሌለዎት ይሄን እንደማያዩት አውቃለሁ፣ ቅዳሜ አትሜ አመጣልዎታለሁ። ረዝሟል ብለው እንዳይቆርጡት ብቻ።